አሥራ አንድ ንጹሕ ፋይሎች

አሥራ አንዱም ፋይል ንጹሕ ነው። የግዥ ጥያቄው አለ፣ የበጀት ማረጋገጫው አለ፣ ከሦስት ነጋዴዎች የተሰበሰበ ፕሮፎርማ አለ። የዋጋ ማወዳደሪያ ሠንጠረዡ ላይ ሦስት ሰዎች ፈርመዋል። ትዕዛዙ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ተሰጥቷል፣ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፣ ክፍያው በቼክ ወጥቷል። ከእነዚህ ፋይሎች አንዱን አንሥቶ የሚያገላብጥ ኦዲተር ምንም የሚጽፈው ግኝት አያገኝም። አሥራ አንዱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲደረድራቸው ግን አንድ ትልቅ ግዥ ተቆራርጦ እንደተፈጸመ ያያል።

ግዥን ከፋፍሎ መፈጸም ይሉታል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየዓመቱ በሚያቀርበው ሪፖርት ውስጥ የግዥ አዋጅና መመሪያ ሳይከተሉ የተፈጸሙ ግዥዎች የሚል ርዕስ የማይጠፋ ነው። ጋዜጦች ከሪፖርቱ የሚያነሡት ድምሩን ነው፤ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር፣ ይህን ያህል መሥሪያ ቤቶች። ድምሩ እንዴት እንደተገኘ፣ ኦዲተሩ ምን ዓይቶ እዚያ እንደደረሰ ግን አይነገረንም። ሳይነገረን ሲቀር ደግሞ ሁለት ዓይነት ስሕተት ውስጥ እንወድቃለን፤ ወይ ግኝት የተባለውን ሁሉ ሌብነት እናደርገዋለን፣ ወይ «የወረቀት ጉድለት ነው» የሚለውን የኃላፊዎች መልስ አምነን እናልፈዋለን።

መነሻው የገንዘብ ጣሪያ ነው። ለረጅም ጊዜ የሠራው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግልጽ ጨረታን ዋና የግዥ ዘዴ ያደርግና ሌሎቹን፣ እንደ ውስን ጨረታ፣ የዋጋ ማቅረቢያና ቀጥታ ግዥ ያሉትን፣ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ የሚፈቀዱ ያደርጋቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ብሩን የሚወስነው አዋጁ ሳይሆን መመሪያው ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ዕቃ በፕሮፎርማ የሚገዛበትን ጣሪያ 100,000 ብር፣ በውስን ጨረታ የሚገዛበትን ደግሞ 500,000 ብር አድርጎት ነበር። ለግንባታ፣ ለአገልግሎትና ለምክር አገልግሎት የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው። ኦዲተሩ ታዲያ መጀመሪያ የሚያደርገው ግዥው በተፈጸመበት ቀን ይሠራ የነበረው መመሪያ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። በዛሬው ጣሪያ ያለፈውን ዓመት ግዥ መመዘን፣ ወይም ባለፈው ጣሪያ የዛሬውን፣ በመውጫው ስብሰባ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚወድቅ ግኝት ማምጣት ነው።

በፕሮፎርማና በግልጽ ጨረታ መካከል ያለው የድካም ልዩነት ጣሪያውን ማራኪ ያደርገዋል። ፕሮፎርማ በሁለት ቀን ያልቃል፤ የግዥ ሠራተኛው መርካቶ ወይም ፒያሳ ሄዶ ሦስት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ግልጽ ጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት፣ በጋዜጣ ማስታወቅ፣ ሳምንታት መጠበቅ፣ ተጫራቾች ባሉበት መክፈት፣ መገምገም፣ ማጽደቅ፣ ለተሸናፊዎች ማሳወቅ፣ ቅሬታ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ የሚከፋፍል ሁሉ ሊሰርቅ የሚከፋፍል አይደለም። ብዙው የሚሸሸው ድካሙን ነው። የሚሰርቀውም ግን የሚገባው በዚያው በር ነው፤ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም።

አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ፤ የምሳሌ መሥሪያ ቤት ነው፣ ቁጥሮቹም ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው። ዘመኑ የ2002ቱ መመሪያ የሚሠራበት፣ የ2005 በጀት ዓመት ይሁን። የሚገዛው የፕሪንተር ቶነር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የጸደቀው የግዥ ዕቅድ 480 ቶነር፣ ግምታዊ ዋጋ 960,000 ብር፣ የግዥ ዘዴ ግልጽ ጨረታ፣ የሚወጣበት ጊዜ መስከረም ይላል። መስከረም አለፈ፣ ጨረታው አልወጣም። ጥቅምት 12 ቀን በፕሮፎርማ የ97,400 ብር ቶነር ተገዛ። ከሰባት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 19፣ የ98,900። ኅዳር 3 ቀን 96,750፤ በዚያው ወር 24 ቀን 41,300። ጥር 8 እና ጥር 15፣ 99,200 እና 98,600። መጋቢት 20 ቀን 62,500። ግንቦት 6 ቀን 97,850። ከዚያ ሰኔ መጣ፦ ሰኔ 4፣ ሰኔ 11፣ ሰኔ 18፤ 99,450፣ 98,300፣ 99,700 ብር። ድምሩ 989,950 ብር ነው። አንድም ግዥ ከ100,000 አልበለጠም።

ኦዲተሩ ይህን እንዴት ያገኘዋል? ፋይል እየመዘዘ አያገኘውም። የዓመቱን የወጪ ዝርዝር ከሒሳብ ክፍል ይወስድና ለግዥ ከተከፈሉት ውስጥ ተመሳሳይ የሆኑትን ዕቃዎች ይሰበስባል። ከዚያ በክፍያ መጠን ቅደም ተከተል ያስቀምጣቸዋል። ጤነኛ በሆነ መሥሪያ ቤት የግዥ መጠኖች የተበታተኑ ናቸው፤ 12,000 አለ፣ 37,000 አለ፣ 71,000 አለ። በእኛ ምሳሌ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ከ95,000 እስከ 100,000 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ተጨናንቀዋል። ከጣሪያው ሥር የሚከማች ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ የት መቆፈር እንዳለበት ግን ይነግረዋል።

ቁፋሮው የሚጀምረው ሕጉ ከሚለው ነው። አዋጁ የሚከለክለው ማንኛውንም መከፋፈል ሳይሆን ከተገቢው የግዥ ዘዴ ለመሸሽ ታስቦ የሚደረገውን ነው። ኦዲተር የሰው ሐሳብ አያነብም። የሚችለው ግዥዎቹ ሲፈጸሙ ፍላጎቱ አስቀድሞ ይታወቅ እንደነበር ማሳየት ነው፤ ለዚህም ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያጸደቀው ዕቅድ ነው። 480 ቶነር እንደሚያስፈልግ ሐምሌ ላይ ጽፎ የፈረመ ኃላፊ ጥቅምት ላይ 50 ብቻ ነው የታየኝ ሊል አይችልም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዕቅዱን ለፎርማሊቲ ብለው ያዘጋጁታል፤ ኋላ ላይ የሚያጋልጣቸውም እሱ ይሆናል።

ሁለተኛው ማስረጃ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰኔ 3 ቀን ቢን ካርዱ 84 ቶነር እንዳለ ያሳያል። ወርኃዊ ፍጆታው ወደ 40 ነው፤ ሁለት ወር የሚያስኬድ ክምችት አለ ማለት ነው። በማግስቱ 99,450 ብር የወጣበት ግዥ ለምን አስቸኳይ ሆነ? መልሱ በጀቱ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ መሆኑ ነው፤ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ይባስ ብሎ የሦስቱ የሰኔ ግዥዎች ዕቃ ገቢ የሆነበት ሞዴል 19 ቁጥሩ ተከታታይ፣ ቀኑም አንድ ነው፤ ሰኔ 21። ትዕዛዙ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ዕቃው በአንድ መኪና ገባ። የመጋዘን ሠራተኛው የተቀበለውን መዝግቧል፤ ስለ ጣሪያው ምንም የሚያውቀው ነገር ስለሌለ መዝገቡን የሚያሳምርበት ምክንያት አልነበረውም። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ኦዲተር ከግዥ ክፍል ፋይል ይልቅ የመጋዘንን መዝገብ የሚያምነው።

ሦስተኛው ራሱ ፕሮፎርማው ነው። ሠላሳ ሦስት ወረቀት አለ፤ የአምስት ነጋዴዎች ብቻ። አንደኛው ነጋዴ አሥራ አንድ ጊዜ ተወዳድሮ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸንፏል። የፕሮፎርማዎቹን ቁጥር ስናይ ከ0211 ተነሥቶ እስከ 0221 ድረስ አንድም ሳይዘል ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ይህ ነጋዴ ለሌላ ለማንም ዋጋ አልሰጠም፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ ዋጋ የጠየቀው ይህ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነጋዴ ሱቅ አለው ብሎ ማመን ይከብዳል። ዋጋዎቹ ደግሞ የበለጠ ይናገራሉ። አሸናፊው በጥቅምት 12 ለአንድ ቶነር 1,948 ብር ሲል ይኼኛው 2,006 ከ44 ሳንቲም ይላል። ጥቅምት 19 አሸናፊው 1,978፣ እሱ 2,037 ከ34 ሳንቲም። ሰኔ 4 አሸናፊው 2,210፣ እሱ 2,276 ከ30 ሳንቲም። ሁልጊዜ በትክክል 3 በመቶ ይበልጣል። ቶነር በ44 ሳንቲም ጭራ የሚሸጥ ነጋዴ መርካቶን ዞሮ ዞሮ አይገኝም። ሳንቲሙ የካልኩሌተር ነው፤ የአሸናፊው ዋጋ በ1.03 ተባዝቶ የተጻፈ።

እዚህ ላይ ኦዲተሩ ልኩን ማወቅ አለበት። ፕሮፎርማዎቹ በአንድ እጅ የተዘጋጁ መሆናቸውን የሚጠቁም ነገር አግኝቷል፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አያውቅም። አሸናፊው ነጋዴ «ሁለት ፕሮፎርማ ጨምርልን» ተብሎ ራሱ አምጥቶት ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም፤ የግዥ ሠራተኛውም አዘጋጅቶት ሊሆን ይችላል። የሕጋዊነት ኦዲት ውድድሩ መመሪያው እንደሚለው አልተካሄደም ብሎ ይደመድማል። ማን በወንጀል እንደሚጠየቅ መወሰን የሕግ አስከባሪዎች ሥራ ነው፤ ኦዲተሩ ሰነዱን ኮፒ አድርጎ፣ ገጹን አመልክቶ ያስተላልፋል። ከዚህ አልፎ «ሰረቁ» ብሎ የጻፈ ኦዲተር ጥሩ ግኝቱን በራሱ እጅ ያበላሻል።

ከዚያ የመውጫው ስብሰባ ይመጣል፣ መልሶቹም የታወቁ ናቸው። የፋይናንስ ኃላፊው «ገንዘቡ እኮ በየወሩ ነው የሚለቀቅልን፤ ሚሊዮን ብር በአንድ ጊዜ ከየት እናምጣ?» ይላሉ። ይህ መልስ ግማሽ እውነት አለው። ጥሬ ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል፤ ጨረታ ለማውጣት ግን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በጸደቀ በጀት ነው የሚኬደው። አንድ ጊዜ ተወዳድሮ፣ የዓመት ውል ተፈርሞ፣ ዕቃው በየወሩ በትዕዛዝ ሊመጣ፣ ክፍያውም በየወሩ ሊፈጸም ይችላል። የማዕቀፍ ስምምነትም ለዚሁ የተፈጠረ ነው፤ ሁሉም መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚፈልጋቸው የጽሕፈት ዕቃዎች በአንድ ተጫርተው ዋጋቸው ታስሮ ይቀመጣል፣ መሥሪያ ቤቱ የሚያስፈልገውን ያህል ያዝዛል። በአንድ ውድድር የተገዛን ዕቃ በአሥር ጊዜ ማስገባት መከፋፈል አይባልም፤ ጣሪያው የሚለካው ውድድሩን እንጂ መኪናውን አይደለም።

መከፋፈል የሚመስል ግን ያልሆነም አለ፣ ኦዲተሩ ይህንንም ፈትሾ መጣል አለበት። የየራሳቸው በጀትና የግዥ ሥልጣን ያላቸው ቅርንጫፎች ለየብቻ ቢገዙ የግድ አንድ ግዥ አይሆንም። ጎማና ቶነር ሁለቱም «አላቂ ዕቃ» ከሚል መደብ ስለወጡ ብቻ አይደመሩም፤ የሚሸጧቸው ነጋዴዎች ሌላና ሌላ ናቸው። አንድ ጨረታ በሎት ተከፋፍሎ ለብዙ አሸናፊዎች ቢሰጥም ችግር የለውም፤ የግዥ ዘዴው የተመረጠው በጠቅላላው ዋጋ እስከሆነ ድረስ። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ ወንበር፣ ኮምፒውተርና የጽዳት ዕቃ በአንድ ሎት ታጭቆ ሁሉንም ማቅረብ የሚችለው አንድ ነጋዴ ብቻ ይቀራል። ከመከፋፈል ያላነሰ ውድድር ገዳይ ነው፣ ግን በጣሪያ ምርመራ አይያዝም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። መሥሪያ ቤቱ ተወቀሰ እንበል፣ በቀጣዩ ዓመት ለቶነር ግልጽ ጨረታ አወጣ። ብዙ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ የተስተካከለ ይመስለዋል፤ ኦዲተሩ ግን አሁን ሌላ ክፍል ነው የሚያንኳኳው፣ የጨረታ ግምገማውን።

ጥሩ ልማድ ያላቸው ኦዲተሮች የገምጋሚ ኮሚቴውን ቃለ ጉባዔ ቀድመው አያነቡም። የጨረታ ሰነዱን ይወስዳሉ፣ የመወዳደሪያ ሐሳቦቹን ከነኤንቨሎፓቸው ያስወጣሉ፣ በባዶ ወረቀት ላይ ራሳቸው ይገመግማሉ። ከዚያ በኋላ ነው ውጤታቸውን ከኮሚቴው ጋር የሚያስተያዩት። ቃለ ጉባዔውን ቀድሞ ያነበበ ሰው የኮሚቴውን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል፤ የተዘለለውንም አብሮ ይዘላል።

በምሳሌያችን ሦስት ተጫራቾች አሉ። በአከፋፈቱ ዕለት የተነበቡት ዋጋዎች የመጀመሪያው 912,000፣ የሁለተኛው 1,009,000፣ የሦስተኛው 978,000 ብር ናቸው። ኮሚቴው ለመጀመሪያው ሰጠ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ነውና ማንም አልተገረመም። የመጀመሪያውን ተጫራች የዋጋ ቅጽ እስከ ግርጌው ያነበበ ሰው ግን በትንሽ ፊደል «ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን አያካትትም» የሚል ያገኛል። የሌሎቹ ሁለት ዋጋዎች ታክሱን ያካተቱ ናቸው። በ15 በመቶ ሲሰላ 912,000 የሚሆነው 1,048,800 ነው። ዝቅተኛ የተባለው ከሦስቱ ከፍተኛው ሆነ። ኦዲተሩ ይህን ከግምገማው ወረቀት ባያገኘው ከክፍያው ያገኘዋል፤ ለአሸናፊው በመጨረሻ የተከፈለው 1,048,800 ብር ነውና፣ በቃለ ጉባዔው ከጸደቀው 912,000 ጋር አይገናኝም። የክፍያ ማዘዣን ከማጽደቂያው ጋር ማገናኘት በጣም ቀላል ፈተና ነው፤ ሁለቱ በሁለት ክፍል ስለሚቀመጡ ብቻ ብዙ ጊዜ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ሦስተኛውስ በ978,000 ለምን ወደቀ? ቃለ ጉባዔው «ከአምራቹ የውክልና ደብዳቤ ባለማቅረቡ» ይላል። ኦዲተሩ ወደ ጨረታ ሰነዱ ይመለሳል፣ ገጽ በገጽ ያያል፤ የአምራች ውክልና የሚል መስፈርት የለም። ኮሚቴው ኤንቨሎፑ ከተከፈተ በኋላ የፈጠረው ነው። የግምገማ ኦዲት ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ተጫራቹ የወደቀበት ምክንያት ሰነዱን በገዛበት ቀን ተጽፎ ነበር ወይ? ካልተጻፈ መስፈርቱ ምንም ያህል አስተዋይነት ያለው ቢሆን ሕገ ወጥ ነው። የአምራች ውክልና መጠየቅ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ የሐሰት ቶነር ገበያውን በሞላበት አገር እንዲያውም ጥሩ ነው። መጻፍ የነበረበት ግን ከማስታወቂያው በፊት ነው። በሁለቱ ስሕተት ድምር መሥሪያ ቤቱ የከፈለው ትርፍ ገንዘብ 70,800 ብር ሆነ።

ኮሚቴውን ለመከላከል አንድ ነገር ልበል። የገምጋሚ ኮሚቴ አባላት አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ክፍል ሠራተኞች ናቸው፤ የሰው ኃይል ባለሙያ፣ የዕቅድ ባለሙያ፣ የቴክኒክ ሰው፤ መደበኛ ሥራቸውን እየሠሩ በትርፍ ጊዜያቸው ኤንቨሎፕ ይከፍታሉ። የታክሱን ግርጌ ያላየ ሰው ሁሉ ዓይኑን የጨፈነ አይደለም። ኦዲተሩ ስሕተትና ሴራን የሚለይበት አንድ መንገድ አለ፦ ስሕተቶቹ ወደ የት ያዘነብላሉ? የደከመ ኮሚቴ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ይጎዳል። በሦስት ጨረታ ውስጥ የተሠሩት ስሕተቶች በሙሉ አንድን ተጫራች የሚጠቅሙ ከሆኑ ግን ድካም ብሎ ማለፍ ይቸግራል።

የኦዲተሩ ሥልጣን የሚያልቅበት ቦታም አለ። የቴክኒክ ግምገማ በነጥብ የሚሰጥ ሲሆን አንድ ባለሙያ ለሥራ ዕቅድ ከ20 ነጥብ 14 ሰጥቶ ቢሆን ኦዲተሩ «17 ይገባዋል» ሊል አይችልም። የባለሙያውን ፍርድ በራሱ ፍርድ መተካት ይሆናል። የሚጠይቀው ነጥቡ ምክንያት ተጽፎለት እንደሆነ፣ ገምጋሚዎቹ ለየብቻ ሰጥተው ከዚያ እንዳማከሉት፣ ቁጥሩ ተሰርዞና ተደልዞ እንዳልሆነ ነው። አራት ገምጋሚዎች በዐሥራ ሁለት መስፈርት ላይ ነጥባቸው እስከ አሥረኛ ድረስ አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ሰው ሞልቶ ሌሎቹ እንደፈረሙ ይጠረጥራል፤ ሆኖም ከዚህ የበለጠ ሊያረጋግጥ አይችልም።

ብዙ ጊዜ የማይታይ ሌላ ወረቀትም አለ፣ ለተሸናፊዎች የሚላከው ደብዳቤ። በአዋጅ 649 ቅር የተሰኘ ተጫራች ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት የሚልበት ጊዜ 5 የሥራ ቀን ነበር። ደብዳቤው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ከደረሰው፣ ወይም «አላሸነፉም» ብቻ ብሎ የወደቀበትን ምክንያት ካልነገረው፣ የአቤቱታ መብቱ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። በምሳሌያችን ሦስተኛው ተጫራች በውክልና ደብዳቤ እንደወደቀ በጊዜው ቢነገረው ኖሮ ኦዲተር አያስፈልግም ነበር፤ እሱ ራሱ የጨረታ ሰነዱን ይዞ ይመጣ ነበር። ስለዚህ የደብዳቤውን ወጪ ቁጥርና ቀን ከውሉ ቀን ጋር ማስተያየት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ፣ ብዙ የሚያሳይ ሥራ ነው።

ስለ ጣሪያው ራሱ የምለው አለኝ። መቶ ሺህ ብር በ2002 ዓ.ም. መቶ ሺህ ብር ነበር፤ አንድ ዶላር ወደ 13 ብር በሚመነዘርበት ጊዜ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከመቶ ብር አልፎ ሄዷል። ቶነርና ጎማ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በብር የተቸከለ ጣሪያ ዋጋው ሲንር እየጠበበ ይሄዳል፣ ትናንት በፕሮፎርማ የሚገዛው ዕቃ ሳይጨምር ዛሬ ጨረታ ይጠይቃል፤ ያኔ መከፋፈል የሚበዛው ሰው ስለከፋ ብቻ አይሆንም። የኦዲት ግኝት ቁጥር ከዓመት ዓመት አደገ ሲባል ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጣሪያውን በየጊዜው ማሻሻል የገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ ነው፤ ያልተሻሻለ ጣሪያ ግን መሥሪያ ቤቶችን ነጻ አያወጣም፣ ምክንያቱም 960,000 ብር ብሎ የራሱን ዕቅድ የጻፈ መሥሪያ ቤት የተጣሰው የትኛው ድንበር እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ብዙው ተስፋ የተጣለው በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓቱ ላይ ነው። ተስፋው መሠረት አለው። የመወዳደሪያ ሐሳብ የገባበት ሰዓት በማሽን ስለሚመዘገብ ወደኋላ ተቀንሶ የተጻፈ ቀን አይሠራም፤ ከአንድ ሰው እጅ ሦስት ፕሮፎርማ ማምጣትም ሦስት የተመዘገቡ አቅራቢዎች ስለሚፈልግ ይከብዳል። መከፋፈልን ግን ሥርዓቱ በራሱ አያቆመውም። እያንዳንዱ የግዥ ጥያቄ ሥርዓቱ ውስጥ እንደ አዲስ ነው የሚገባው፤ የጥቅምት 12 ጥያቄና የጥቅምት 19 ጥያቄ ወንድማማች መሆናቸውን የሚያውቀው ዕቃው በአንድ መለያ ከተመዘገበና ከዓመታዊ ዕቅዱ መስመር ጋር ከተሳሰረ ብቻ ነው። አንዱ ክፍል «ቶነር»፣ ሌላው «የፕሪንተር ቀለም»፣ ሦስተኛው «ካርትሪጅ 05ኤ» ብሎ ካስገባው ሦስት ዕቃ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሦስቱም ከጣሪያው በታች። ኦዲተሩ ዝርዝሩን ከኮምፒውተር አውጥቶ ስሞቹን አንድ በአንድ ማገናኘት ይጠበቅበታል፤ በወረቀቱ ዘመን ከሒሳብ ክፍል ዝርዝር ላይ በእርሳስ እያሰመረ ይሠራው የነበረው ሥራ ማለት ነው።